ተመላሹ ሽቦ

የአሰላ ሰው አበጋዝን ሲያይ ገና አፉን ሳይከፍት ይስቅ ነበር። «እንደምን አደራችሁ» ቢል እንኳ «ግማሹን እንመንልህ» ይሉታል። ሥራው ኮረንቲ መዘርጋት ነው። ከተማዋ መብራት ካየች ወዲህ ግማሹን ቤት ሽቦ ያለበሰው እሱ ነው፤ የቀረውን ግማሽ ደግሞ በወሬ አብርቶታል።

ጮሌ ከተማ ላይ መብረቅ መትቶት ሦስት ቀን ሙሉ ኪሱ ውስጥ ያለ አምፖል እየበራ አላስተኛው እንዳለ ያወራል። አቦምሳ ላይ አንድ በሬ የተበጠሰ ሽቦ ረግጦ በግማሽ ቀን ሁለት ጋሻ መሬት አርሶ፣ ገበሬው ሞፈሩን ይዞ እየሮጠ ሊደርስበት እንዳልቻለ ያወራል። ከሁሉ የሚወደድለት ግን የጭላሎው ነው። የጭላሎ ብርድ አንድ ጊዜ ኮረንቲውን እሽቦው ውስጥ አርግቶት፣ አበጋዝ በምድጃ ፍም ሲያሞቀው የማታው መብራት በማግሥቱ ከቁርስ በኋላ ደረሰ ይላል። ይህን ሲሰሙ በሳቅ የሚወድቁት ሰዎች ያንኑ ታሪክ ከዚያ በፊት ሠላሳ ጊዜ ሰምተውታል።

ካለፈው ሐምሌ ወዲህ ግን ወሬውን የሚያወራው አፉ ብቻ ነበር። ሚስቱ አሰፋች በሐምሌ ሞተች። ጉንፋን ነው ሲሉ ሳንባ ሆነና በስድስት ቀን አለቀች። አበጋዝ ቀበረ፣ ለቅሶ ተቀመጠ፣ ዐርባዋን አወጣ። አላለቀሰም ብለው ሴቶቹ አሙት። ማልቀስ እምቢ ብሎት አይደለም፤ የሚለቀስበትን ቦታ አጥቶት ነው። ደረቱን ቢፈልግ የለም፣ ሆዱን ቢፈልግ የለም። የሌላ ሰው ካፖርት ለብሶ እንደሚሄድ ሰው ራሱን ከሩቅ እየሰማ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይነሳል፣ ወደ ሥራ ይሄዳል። በመስከረም አንድ ቤት ሲሠራ ፋዙን፣ ኮረንቲ የሚያመጣውን ሽቦ፣ በባዶ እጁ ነክቶ ጣቱ ላይ ዝንብ ያረፈበት መሰለው። እጁን አነሳና አየው። ከዚያ ሥራውን ቀጠለ።

በጥቅምት፣ ስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት አቶ ገብረ መድህን ራሱ እቤቱ ድረስ መጣ።

ገብረ መድህን በዋናው መንገድ ላይ ረጅም የጭቃ ቤት ያለው ሰው ነው። ከኋላ በኩል ራሱ ይኖራል፤ መንገድ ዳር ያለውን ክፍል ሀጂራ ለምትባል ልብስ ሰፊ አከራይቷል። የመጣበትን ነገር ቆሞ ተናገረ። ማክሰኞ ዕለት የሀጂራ ክፍል ሁለቱም ሶኬቶች ሞተዋል። አምፖሏ ይበራል፣ የሱም ቤት ሶኬቶች ይሠራሉ፤ የጠፋው የሷ ብቻ ነው። ካውያዋ ነው ያቃጠለችው፣ ሌላ ማን አለ? ክፍሉን ስትከራይ ደግሞ በሰው ፊት ቃል ገብታለች፤ ቤቱን ባበላሸች ቀን ለቅቃ ልትወጣ። የእህቱ ልጅ ከዴራ መጥቶ የመኪና ዕቃ መሸጫ ሊከፍትበት ስለሆነ እስከ ሰኞ ትውጣ። ሴትዮዋ ግን አልወጣም፣ አላቃጠልኩም ትላለች።

«ቃሉን የያዘው ሁሴኖ እህል ነጋዴው ነው» አለ ገብረ መድህን። «እሱ ደግሞ ሳይታይ አይፈረድም ብሎ ያዘኝ። ሽቦውን የዘረጋ ሰው ይምጣና ምን እንዳበላሸው ይናገር አለ። የዘረጋኸው አንተ ነህ። ና እንሂድ።»

አበጋዝ ቤቱን አላስታወሰውም። ብዙ ቤት ዘርግቷል። ቦርሳውን አነሳ፤ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ መሮ፣ መዶሻ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ አንድ የበር ደወል። ተከተለው።

የሀጂራ ክፍል በሩ ወደ መንገድ የሚከፈት፣ በእግር የምትነዳ የስፌት መኪና ከመስኮቱ ሥር የቆመችበት ጠባብ ክፍል ነው። ግድግዳው ለመስቀል እንደ አዲስ በእበትና በጭቃ ተለስኖ ኖራ ተቀብቷል፤ ከታች በኩል ገና እርጥበቱ አልለቀቀውም። ገመድ ላይ ነጭ የሙሽራ ቀሚስ ተሰቅሏል፣ ግማሹ ሽንሽን ተተኩሷል፣ ግማሹ አልተተኮሰም። ሁሴኖ በርጩማ ላይ ከዘራውን በጉልበቱ መሀል አቁሞ ተቀምጧል። ሀጂራ ቆማለች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ከአቦምሳ ከባሏ ተፋትታ ያችን መኪና በጭነት መኪና ጭና የመጣች። ከዚህ ክፍል ብትወጣ በዚያ መንገድ ላይ ለብቻዋ ሴት የሚያከራይ እንደሌለ ራሷ ታውቀዋለች፤ የሚቀራት የወንድሟ ቤት ነው፣ አቦምሳ ተመልሳ የወንድሟን ሚስት ምጣድ መጥረግ። ይህን አበጋዝ ጠይቆ አልነበረም፤ ገብረ መድህን ሲመጡ መንገድ ላይ ሲያወጋ የሰማው ነው። አበጋዝ ሰማና አለፈው። ሊያዝንላት ሞከረና የሚያዝንበትን ቦታ አላገኘውም።

«ጋሽ አበጋዝ» አለች ሀጂራ። «በሬውን ያሯሯጡበት ኮረንቲ እንዳይሆን እንጂ።»

አፉ ሳይጠሩት አቤት አለ። «በሬው አሁን አርጅቷል» አላት። «አሁን የሚያርሰው በባትሪ ነው።»

ሁሴኖ ሳቀ። አበጋዝ ጎንበስ ብሎ የመፈተሻ ካቻቪቴውን በመጀመሪያው ሶኬት ቀኝ ቀዳዳ ከተተ። በእጀታው ውስጥ ያለችው ትንሽ መብራት ቀላች። ግራውን ሞከረ፤ ጨለማ ነው። ካውያዋን ሰክታ እንድታበራ ነገራት፤ ሰካች፤ ካውያው አልሞቀም። እንደገና ቀኙን ነካ፤ ቀይ። ግራውን ነካ፤ እሱም ቀይ።

ገብረ መድህን ጎንበስ ብሎ ያይ ነበር። «አያችሁ?» አለ። «በሁለቱም በኩል ሞልቶ ፈሰሰ። ካውያዋ ናት የተፋችበት። መድሃኒት የለውም።»

አበጋዝ ካውያውን ነቀለ። ግራው ቀዳዳ ጠፋ። ሰካ፣ በራ። ነቀለ፣ ጠፋ። ሦስቴ አሳያቸውና ተነስቶ ቆመ። በሽቦው ውስጥ ሁለት መንገድ አለ አላቸው፤ ፋዝ የሚባለው ኮረንቲውን ያመጣል፣ ኑትራል የሚባለው ይመልሳል። ሂያጁ ደህና ነው። ተመላሹ ነው የተበጠሰው። ኮረንቲው እካውያው ድረስ ይገባል፣ አልፎም እስከ ግራው ቀዳዳ ይደርሳል፣ ከዚያ ወዲያ መንገድ የለውም።

«ለቅሶ ቤት ገብቶ መውጫ በሩ እንደጠፋበት ሰው» አለ፤ ከዚያ ለምን እንዲህ እንዳለ አላወቀም። «ስለዚህ ቆሟል። ቆሞ ደግሞ ሥራ አይሠራም። ግን ይይዛል፣ እጃችሁን እንዳታስገቡ።»

ካውያውን ወስዶ በገብረ መድህን ቤት ሶኬት ሰካው። ሞቀ። ፊውዙንም አየው፤ አልተቃጠለም። ካውያው ጤነኛ ነው ሲል ሀጂራ ትንፋሿን ለቀቀች። ገብረ መድህን ግን ሞኝ አይደለም። ጤነኛ ካውያ ሽቦ አያቃጥልም ያለው ማነው ብሎ ጠየቀ፤ ቀኑን ሙሉ ሲተኮስበት የሚውል ሽቦ አይሞቅም ወይ? አበጋዝ ይሞቃል አለ። እውነት ነው። ሀጂራ ትንፋሿን መልሳ ያዘች።

እንግዲህ የተበጠሰበትን ቦታ ማየት ነው የቀረው። ገብረ መድህን ለመስቀል የለሰንኩትን ግድግዳ አታፈርሱም ብሎ በሩ ላይ ቆመ። ሁሴኖ ከዘራውን አንድ ጊዜ መሬት ላይ መታ። እንግዲያው ሴትዮዋን ዛሬውኑ ውጪ በላት፣ ነገር ግን እኔ ምስክርህ አይደለሁም አለው። ገብረ መድህን ከበሩ ላይ ተነሳ።

አበጋዝ ፊውዙን ነቅሎ ኪሱ ውስጥ ከተተ። ይህ ልማዱ ነው። የነቀለውን ፊውዝ ሰሌዳው ላይ አይተውም፤ ሽቦ ጨብጦ ባለበት ሰዓት አንድ ደግ ሰው መጥቶ «መብራት ጠፍቷል» ብሎ እንዳይመልስለት። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥቶ ከበሩ በላይ ያለውን ስካቶላ፣ የሽቦዎቹን መገናኛ ሳጥን፣ ከፈተ። ከሳጥኑ አንድ ሽቦ ወርዶ መጀመሪያ ወደ መኪናዋ አጠገብ ወዳለው ሶኬት ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው። ሁለቱም ከሞቱ ብጥሱ ከሳጥኑ እስከ መጀመሪያው ሶኬት መሀል ነው። በሁለቱም ጫፍ ሽቦውን ፈታ። በባትሪ ድንጋይና በእጅ ባትሪ አምፖል፣ መሬት ለመሬት ረጅም ሽቦ ስቦ፣ አንድ አንዱን ሞከረ። በፋዙ አምፖሏ በራች። በኑትራሉ አልበራችም።

የቀረው የአራት ክንድ ግድግዳ ነው። ሙሉውን ላለማፍረስ አበጋዝ የሀጂራን ሬዲዮ ጠየቀ።

«ዜና ሊያዳምጡ ነው?» አለች።

«ግድግዳው ምን እንደሚል ልሰማ።»

ሁሴኖ አሁን ደግሞ ጀመረው ብሎ ጢሙን ያዘ። አበጋዝ ግን የበር ደወሉን ከባትሪው ጋር አገናኘ። የደወሉ ትንሽ መዶሻ ቶሎ ቶሎ ሲመታ በመምቻው ላይ ትንሽ የእሳት ፍንጣሪ ትታያለች፤ ያቺ ፍንጣሪ በሽቦው ላይ እስከ ተበጠሰበት ድረስ ሬዲዮ ታስጮኻለች። የደወሉን አንዱን ጫፍ ከተበጠሰው ሽቦ ጋር አሠረ፤ ሌላውን ጫፍና ደህናውን ሽቦ አንድ ላይ አድርጎ በጓሮ በር በኩል ከውሃው ቧንቧ ጋር አገናኘ። ሬዲዮዋን ጣቢያ ከሌለበት ቦታ አቁሞ እግድግዳው ላይ ለጠፋት። ሬዲዮዋ እንደ ተቆጣች ንብ ተንጫጫች። ካውያ እንደሚተኩስ ሰው ቀስ ብሎ ከሳጥኑ ወደ ታች አወረዳት፤ ጩኸቱ ሽቦውን ተከተለ። ሽቦው ወደ ቀኝ ታጠፈ፤ ሬዲዮዋም ታጠፈች። ከጉልበት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ መኪናዋ ሊደርስ አንድ ክንድ ሲቀረው ጩኸቱ ደከመና ሞተ። መለሳት፣ ተንጫጫች። ገፋት፣ ዝም አለች።

«ጠመኔሽን» አላት። ሀጂራ ልብስ የምትሰምርበትን ሰማያዊ ጠመኔ ሰጠችው፤ ኖራው ላይ መስቀል አሰመረ።

ከዚያ መሮውን አንስቶ ቀስ ብሎ መታ። ልስኑ እርጥብ ስለነበር አልፈረሰም፣ ተላጠ። ጭዱ፣ እበቱ፣ ከሥሩ የድሮው ጭቃ፣ ከዚያ ጥቁር ነገር። አበጋዝ ጣቱን ሰዶ ጭቃውን ጠረገለት።

ናስትሮ፣ ሽቦ የሚጠቀለልበት ጥቁር ፕላስተር፣ ነበር። የተጠቀለለ፣ የላላ፣ አሮጌ ናስትሮ።

ሽቦ ግድግዳ ውስጥ አይቀጠልም። ካስፈለገ በሳጥን ውስጥ ነው የሚቀጠለው፣ ቢላላ ከፍተህ እንድታየው። ይህን አበጋዝ ለሁለት ለማጅ አስተምሯል፣ አንዱንም በጥፊ ነው ያስተማረው። ናስትሮውን በጥፍሩ ፈታው። ውስጡ እርስ በርሳቸው የተጠማዘዙ ሁለት ጫፎች አሉ፤ የፋዙ ደህና ነው፣ የኑትራሉ እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆኖ፣ ልባሱ ከስሎ፣ መሀሉ ላይ ለቋል። ገና ሲነካው ዱቄት ሆነ። አጠማዘዙን አየ። ወደ ግራ የዞረ ነው።

አሰላ ውስጥ ሽቦ ወደ ግራ የሚጠመዝዝ አንድ ግራኝ ብቻ አለ።

ያን ጊዜ ቤቱ ትዝ አለው። ዘመኑ ሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነበር። ይህን ክፍል ሲዘረጋ ሽቦው በልኩ ተቆርጦ ተሰጥቶት ነበር። ከሱ ላይ ሦስት ሜትር ቆርጦ ወሰደ። የወሰደው ለፅጌረዳ ጠጅ ቤት ነው። ከረጅሙ መደብ ሥር የበር ደወል ቀበረ፣ ሰው ሲቀመጥ እንዲጮህ አደረገው። የመጀመሪያው የተቀመጠው አንድ ወፍራም የዳኛ ጸሐፊ ነበር። ሲቀመጥ ጮኸ፣ ሲነሳ ዝም አለ፣ ሲቀመጥ ጮኸ። ጸሐፊው ሰይጣን ገብቶብኛል ብሎ ጠበል ድረስ ሄደ። ከተማው ዓመት ሙሉ ሳቀበት። አሰፋች ይህን ሲነግራት ወጡ እሳት ላይ እስኪያር ድረስ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። እሱ ደግሞ በማግሥቱ እዚህ መጥቶ ሽቦው ሲያጥርበት ሌላ ቤት የተረፈ ቁራጭ ቀጠለበት፤ ሳጥን ለማምጣት ስለሰነፈ በናስትሮ ጠቅልሎ፣ ለሳኞቹ ከመምጣታቸው በፊት በጭቃ ደፈነው።

አሁን ይመጣል ብሎ ጠበቀ። ድንጋጤው፣ ኀፍረቱ፣ ከሁለቱ አንዱ። አልመጣም። ጉድጓዱ ፊት ተንበርክኮ የራሱን እጅ ሥራ እንደ ሌላ ሰው እጅ ሥራ ያይ ነበር።

ገብረ መድህን በትከሻው ላይ ሆኖ ተመለከተ። «ከስሏል» አለ። «ሁሴኖ ናና እይ። ከስሏል። በዓይኔ አየሁ።»

ሁሴኖ መጣ፣ አየ። የከሰለው ይታያል። የቀረው ቃል ብቻ ነው። አበጋዝ አንገቱን ቢነቀንቅ ይበቃል፤ በሬው ባይታመን፣ ጭላሎው ባይታመን፣ በሽቦ ነገር ግን አሰላ ውስጥ ከሱ ቃል በላይ የሚሰማ የለም። የቀረችው አንዲት የታመነች ነገሩ ይህች ቃሉ ናት። ያቺ ቃል ብትሄድም ምን ይሰማው ነበር? ምንም። ሴትዮዋ ብትወጣስ? ምንም። ሁለቱንም በእጁ መዘናቸው፣ ሁለቱም አልከበዱትም።

«ጋሽ አበጋዝ» አለች ሀጂራ ከኋላው። «ካውያዬ ከሆነ ካውያዬ ነው ይበሉ፣ መኪናዬን ጭኜ እሄዳለሁ። እንዳያዝኑልኝ። እንዳይዋሹብኝም።»

አበጋዝ እንደተንበረከከ ዞሮ አያት። አሳዘነችው ማለት አይቻልም። ብቻ ጥያቄው ቀላል ነበር፤ መልሱም እጁ ላይ ነበር።

«የኔ ነው» አለ። «ይህን የቀጠልኩት እኔ ነኝ። አይቀጠልም፤ ቀጠልኩት። ልስኑ ሲረጥብ የእበቱ እርጥበት ናስትሮውን አልፎ ገባ፣ መዳቡን አዛገው። የላላና የዛገ ሽቦ ካውያ ሲሠራበት ይሞቃል፤ ሞቆ ሞቆ ለቀቀ። ደህና ሽቦ ቢሆን ካውያዋ ሃያ ዓመት ብትተኩስ አይነካውም ነበር።»

ከዚያ ጠጅ ቤቱን ነገራቸው። ደወሉን፣ ጸሐፊውን፣ ሦስቱን ሜትር።

መጀመሪያ የሳቀው ገብረ መድህን ነው። ሁሴኖም ተከተለ፤ የጸሐፊው ነገር ነው የገደለው። ገብረ መድህን ዓይኑን እየጠረገ በሬው አልበቃ ብሎህ አሁን ደግሞ ግድግዳ ጀመርክ አለው። ለሴትዮዋ አዝነህ ነው፤ ደግ ነህ፤ ግን በራስህ ላይ እንዲህ ያለ ውሸት አትፍጠር፣ ነገ የሚያሠራህ ታጣለህ።

«እውነቴን ነው» አለ አበጋዝ።

«እንግዲያው ማል።»

አበጋዝ አፉን ከፈተ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አፉ የለመደው አንድ መሐላ ነበር። አምፖሉን ሲያወራ፣ በሬውን ሲያወራ፣ የረጋውን ኮረንቲ ሲያወራ፣ የሚያምነው ሲያጣ እጁን ወደ ላይ አንስቶ «አሰፋች ትሙት!» ይል ነበር። እሷም አጠገቡ ካለች «ለበሬ ብለህ ትገድለኛለህ?» ትለዋለች፤ ሰው ይስቃል። ስንት ጊዜ እንደማለባት ቁጥር የለውም። አንዱም እውነት አልነበረም።

አፉን ዘጋ።

«የምምልበት የለኝም» አለ።

ገብረ መድህን ሳቁን ተወ። ነገሩ ገብቶታል፤ በሐምሌ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ነበርና። መሬት መሬት አየ። ሁሴኖ ከዘራውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ። ሀጂራ ብቻ ከአቦምሳ ስለመጣችና የሰዎቹን ልማድ ስለማታውቅ ሦስቱንም ተራ በተራ ታያቸው ነበር።

መጨረሻ ላይ ሁሴኖ ተናገረ። «ዱጋ፣ እውነት ማለት ነው፣ መሐላ ካጣ ምስክር ይፈልጋል» አለ። ጎንበስ ብሎ ከአበጋዝ ቦርሳ አጠገብ ሁለት ቁራጭ ሽቦ አነሳና ሰጠው። «ጠምዝዝ።»

አበጋዝ ልባሱን ላጠ፣ ሁለቱን ጫፍ በግራ እጁ ይዞ ጠመዘዘ፣ ሳያይ። እጁ ነው የሠራው፣ ወሬውን አፉ እንደሚያወራው። ሁሴኖ ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ወሰደው። ከዚያ ወደ ጉድጓዱ ሄዶ ዓይኑን አጥብቦ አየ። አንድ ነበሩ። አሁንም አልበቃውም። ቆጣሪውን ያስገባው ሌላ ሰው ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ነው። ወንበሩ ላይ ወጥቶ ፊውዝ ሰሌዳው ሥር ያለውን መገናኛ አስከፈተና አየ፤ ያ ወደ ቀኝ ነው የዞረው። ሽማግሌ ሰው ስለሆነ ሲወርድ ገብረ መድህን ክንዱን ያዘው።

«ሴትዮዋ ትቆያለች» አለ ሁሴኖ። «ያበላሸችው ነገር የለም። ቃሉም ይኸው ነበር።»

ገብረ መድህን የእህቱ ልጅ ሌላ ክፍል ይፈልጋል አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለውና ወደ አበጋዝ ዞረ። የሳቁ ምልክት ከፊቱ ላይ ጨርሶ ሄዶ ነበር።

«ከኔ ቤት ሌላ ስንት ቤት እንዲህ አርገሃል?»

«የማስታውሰው አምስት።»

«አምስት።»

«የማላስታውሰውም ይኖራል።»

ገብረ መድህን ነጠላውን አጣፍቶ በመንገድ በር በኩል ወጣ፤ አቅጣጫው ወደ ገበያው ነበር። ሳይመሽ አሰላ በሙሉ እንደሚሰማ አበጋዝ አወቀ። በዚህ ከተማ ከኮረንቲ የሚፈጥን ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ ይህ ደግሞ ማጋነን አይደለም።

ሁሴኖም መጋዘኑን ሊያይ ሄደ። አበጋዝ ሥራውን ሠራ። ከሳጥኑ እስከ ሶኬቱ ያለውን አሮጌ ሽቦ ሙሉውን ከግድግዳው ነቀለ፣ በቦታው ቀጣይ የሌለው አንድ ወጥ ሽቦ ዘረጋ፣ በጫፎቹ አጥብቆ አሠረ፣ ፊውዙን ከኪሱ አውጥቶ መለሰ። ሀጂራ በዚህ ሁሉ ጊዜ ቁልፍ ስትተክል ነበር። እንዲሰካ ሲነግራት ካውያዋን ሰካች፣ ጣቷን በምላሷ አርጥባ ነካችው። ፂስ አለ።

«ሁለት ቀን ዓይኔን አልከደንኩም» አለች። «በእርስዎ ነበር ማለት ነው።»

«በኔ ነበር።»

ራሷን ነቀነቀች። ይቅር ማለትም አልነበረም፣ እርግማንም አልነበረም፤ ልብስ ተለክቶ ቁጥሩ ሲነገራት እንደምትነቀንቀው ነበር። ከዚያ ነጩን ቀሚስ ከገመዱ አውርዳ ያልተተኮሰውን ሽንሽን ማስተካከል ጀመረች። አበጋዝ አረንጓዴውን ቅጥያ ከአሮጌው ሽቦ ላይ በፒንሳ ቆርጦ በወረቀት ጠቀለለ፤ ቦርሳውን አንግቶ ወጣ።

ከአምስቱ ቤቶች ቅርቡ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ያለው የአስናቀ ቤት ነው። የገብረ መድህን ወሬ ገና እዚያ አልደረሰም ነበር። አስናቀና ሚስቱ ፋንቱ ምሳ በልተው ውጭ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። አስናቀ አበጋዝን ከሩቅ ሲያየው ጥርሱን አወጣ። ሚስቱ ወንበር አመጣችለት።

አበጋዝ አልተቀመጠም። ግድግዳችሁ ውስጥ፣ ከአልጋው ራስጌ በኩል፣ አጉል የቀጠልኩት ሽቦ አለ፣ መክፈት አለብኝ አላቸው። አስናቀ ጉልበቱን መታ። ፋንቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አስናቀ ጎረቤቱን በአጥር ላይ ጠርቶ ና ስማ፣ አበጋዝ ዛሬ አዲስ ይዞ መጥቷል አለው።

«ከዚያስ?» አለ አስናቀ ወደሱ ዞሮ። «ቀጥል እንጂ። በሬው መቼ ነው የሚመጣው?»

አበጋዝ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ፈታ። አረንጓዴውንና ጥቁሩን ቅጥያ በባዶው ወንበር ላይ አስቀመጠው። ጎረቤቱ በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ። አስናቀ እየሳቀ ጎንበስ አለ፣ በጣቱ ነካው፣ ጣቱ ላይ የቀረውን አረንጓዴ ዱቄት አየ። ሳቁ ቀስ እያለ ከፊቱ ወረደ።

«ይኼ የት ነበር?»

«ሰው ቤት» አለ አበጋዝ። «ያንተም ቤት እንዲህ ያለ አለ። ፊውዙን ልነቅል ነው፤ አልጋውን ከግድግዳው አርቁልኝ።»

ፋንቱ ባሏን አየች። ባሏ አበጋዝን አየ። ከዚያ ሁለቱም ተነስተው አልጋውን ሊጎትቱ ገቡ፤ አበጋዝም መሮውን ከቦርሳው እያወጣ ተከተላቸው።